ኩይሳ ባለበት ግቢ ቤት ስንሠራ



በዚህ አዳራሽ የተሰበሰባችሁት የድሬዳዋ ነዋሪዎች አብዛኞቻችሁ ቤት ለመሥራት በማኅበር የተደራጃችሁ፣ መሬት የተረከባችሁ ወይም ለመረከብ ተራ የምትጠብቁ ናችሁ። የጋበዙኝ የማኅበራቱ አስተባባሪዎች ጥያቄያቸውን ሲነግሩኝ እንዲህ ነበር ያሉት፦ «መሬቱን ስናጸዳ ኩይሳ አገኘን። ንግሥቲቱ ከተገደለች ምስጡ ያልቃል የሚሉ አሉ። መድኃኒት ይረጭበት የሚሉም አሉ። የትኛውን እንስማ?»

የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው። መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ነገር ግን ሥራቸው የተለያየ ነው። ንግሥቲቱን ማውጣት ኩይሳውን ያጠፋል። ቤቱን የሚጠብቀው ግን ከመሠረቱ ዙሪያና ከወለሉ ሥር፣ አፈሩ ላይ የሚሠራው መከላከያ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም፤ ቅደም ተከተላቸውም ሊገለበጥ አይገባም። ይህን በሦስት ክፍል አቀርባለሁ፦ መጀመሪያ ኩይሳውንና ንግሥቲቱን፣ ቀጥሎ ኩይሳው ሲነሳ የሚቀረውን ጉድጓድ፣ በመጨረሻ የአፈር መከላከያውን።

አንደኛ፦ ንግሥቲቱ የት ናት?

በአገራችን ቆላና ወይና ደጋ ትልልቅ ኩይሳ ከሚሠሩት ምስጦች መካከል በብዛት የተጠናው ሳይንሳዊ ስሙ «ማክሮተርመስ ሰብሃያሊነስ» የተባለው ነው። ይህ ምስጥ እንጨቱንና ሣሩን በቀጥታ አይመገብም ማለት ይቻላል። ወደ ጎጆው ወስዶ በላዩ ላይ ሻጋታ ያበቅልበታል፤ የሚመገበውም በዚያ ሻጋታ የተብላላውን ነው። ለዚህ ነው ኩይሳ ስትቆርጡ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦሩ፣ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለባቸው ቡናማ እብጠቶች የምታገኙት። እነዚህን ልብ በሉ፤ ወደ ንግሥቲቱ የምንሄድበት ምልክት ይሆኑናል።

ዶማ ከማንሳታችን በፊት ግን ኩይሳው ሕይወት ያለው መሆኑን ማወቅ አለብን። ብዙ ኩይሳ ከውጭ ሲታይ የቆመ ቢሆንም ውስጡ ከተለቀቀ ዓመታት አልፈውታል። መፈተኛው ቀላል ነው። አመሻሽ ላይ ከጎኑ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ክፈቱ። ጎጆው ሕያው ከሆነ ትልልቅ ራስ ያላቸው ወታደሮች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይወጣሉ። ጠዋት ስትመለሱ ደግሞ ቀዳዳው በእርጥብ አፈር ተደፍኖ ታገኙታላችሁ። ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላም ክፍት ከሆነ ኩይሳው ባዶ ሳይሆን አይቀርም፤ ንግሥት ፍለጋ ጉልበት አታባክኑበት።

ሕያው ከሆነ ወደ ቁፋሮው እንሂድ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከአናቱ ጀምሮ ያፈርሳል። ከላይ ያለው ክፍል አብዛኛው የአየር መተላለፊያና የግድግዳ አፈር ነው። አናቱ ቢቆረጥ ምስጡ በሳምንታት ውስጥ መልሶ ይሠራዋል። ንግሥቲቱ ያለችው በጎጆው እምብርት፣ ብዙ ጊዜ ከመሬት ወለል አካባቢ ወይም ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ስለዚህ ከጎን ግቡ። በኩይሳው አንድ ወገን ሰው ቆሞ ሊሠራበት የሚችል፣ እስከ አንድ ሜትር የሚጠልቅ ቦይ ቆፍሩ። ከዚያ ቦይ ውስጥ ሆናችሁ ወደ መሐሉ በቀጭን በቀጭኑ እየቆረጣችሁ ግቡ።

ስትቆርጡ የምታገኙት ነገር በቅደም ተከተል ይለዋወጣል። መጀመሪያ ዲጂኖ የሚያስፈልገው ደረቅና ጠንካራ ውጫዊ ግድግዳ ነው። ቀጥሎ ክፍት መተላለፊያዎች ይመጣሉ። ከዚያ ሻጋታ የሚያበቅሉባቸው ቡናማ እብጠቶች ያሉባቸው ክፍሎች ይገኛሉ። ወደ ውስጥ ስትጠጉ ቀጫጭን የአፈር መደርደሪያዎች ያሉበት፣ እንቁላልና ነጫጭ ጥቃቅን ግልገሎች የሞሉበት ክፍል ይመጣል። ግልገሎቹ ከበዙ ቀርባችኋል፤ ከቀነሱ አልፋችኋታል ማለት ነው፤ ተመለሱና ወደ በዙበት አቅጣጫ ቁረጡ። ሠራተኛ ምስጦች እንቁላሉን ከንግሥቲቱ እየተቀበሉ በአቅራቢያዋ ስለሚያስቀምጡ ይህ ምልክት አያሳስትም።

በዚህ ሁሉ ቀጭን ነገር መካከል ድንገት የሚከብድና የሚጠነክር የሸክላ ጓል ዶማችሁን ይመልሰዋል። ቅርጹ በአፉ እንደተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ነው፦ ታቹ ጠፍጣፋ፣ ላዩ ጉልላት። በጎኖቹ ሠራተኛ ምስጥ የሚያሳልፉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ንግሥቲቱ ግን በእነዚያ መውጣት አትችልም። ጓሉን እንዳለ አውጡትና ውጭ ላይ ስበሩት። ውስጡ ሆዷ ያበጠ፣ ነጣ ያለች፣ የሰው ጣት የምታህል ወይም ከዚያ የምትበልጥ ንግሥት ታገኛላችሁ። አጠገቧ ከእሷ በጣም የሚያንስ፣ ከሠራተኞቹ ግን የሚተልቅ ጠቆር ያለ ንጉሥ አለ። እርሱንም አትርሱት።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ።

የመጀመሪያው፣ አንዷን እንዳገኛችሁ አታቁሙ። በዚህ የምስጥ ወገን አንዳንድ ጎጆ ውስጥ ከአንድ በላይ ንግሥት ትገኛለች። ጓሉን በሙሉ ፈትሹ፤ በዙሪያውም ሌላ ጓል አለመኖሩን እዩ። እንቁላሉን፣ ግልገሉንና የሻጋታውን እብጠት ሁሉ አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ በትኑት። የድሬ ፀሐይና የጎረቤት ዶሮዎች የቀረውን ይጨርሱታል።

ሁለተኛው ጊዜው ነው። ዝናብ ሲጀምር ከጎጆው እየተነሳ መብራት የሚከበውን አሸን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አሸን ማለት ክንፍ ያበቀለው፣ አዲስ ጎጆ ለመመሥረት የሚወጣው የምስጥ ትውልድ ነው። ይህ ትውልድ ገና በጎጆው እያለ ንግሥቲቱን ብታወጡ ከመካከሉ ተተኪ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ አሸኑ ወጥቶ ካለቀ በኋላ፣ በበጋው መጀመሪያ ላይ ቆፍሩ። ለእኛ ከተማ ከጥቅምት በኋላ ያሉት ደረቅ ወራት ይስማማሉ፤ ለግንባታም ቢሆን ያው ጊዜ ነው።

ሦስተኛው የራሳችሁ ደኅንነት ነው። የትልልቆቹ ወታደሮች መንጋጋ ቆዳ ይቆርጣል። በኩይሳ ጉድጓድ ውስጥም እባብ ሊኖር ይችላል። ረጅም ቦቲ ጫማ፣ ወፍራም ጓንትና ረጅም እጅጌ አድርጉ፤ እጅን ሳያዩ ቀዳዳ ውስጥ መክተት አይገባም። ጋዝ ወይም ቤንዚን ማፍሰስና ማቃጠል ደግሞ ፈጽሞ አይሞከር። ነዳጁ መሬት ውስጥ ይሰርጋል እንጂ የሸክላውን ክፍል አልፎ ንግሥቲቱ ጋ መድረሱ አስተማማኝ አይደለም። እሳቱ ግን ሰው ይጎዳል፣ አጥርም ያያይዛል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ። ንግሥቲቱ ከወጣች ያልቃል? አያልቅም። ይህን በሚገባ ያስተማረን የምዕራብ ወለጋ ልምድ ነው። በመንዲና በአካባቢው ምስጥ እህልንም ቤትንም ሲያጠፋ ገበሬው በዘመቻ ወጥቶ ኩይሳ ቆፍሯል፣ ንግሥት አውጥቷል፣ አልድሪን የተባለ መርዝም ተጠቅሟል። ችግሩ ግን ተመልሶ መጣ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ለእኛ ለቤት ሠሪዎች የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፦ ምስጥ ሁሉ ኩይሳ አይሠራም። «ማይክሮተርመስ» የሚባሉት ጥቃቅን ምስጦችና ከ«ኦዶንቶተርመስ» ወገን ብዙዎቹ ጎጆአቸውን ከመሬት ሥር በታትነው ይሠራሉ፤ ላዩ ላይ ምንም አይታይም። ኩይሳ የሌለው ግቢ ከምስጥ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ኩይሳው የተነሳለት ግቢም እንደዚሁ። ከጎረቤት ግቢ ያለው ጎጆም ቢሆን ምግብ ፍለጋ መሿለኪያውን በመሬት ሥር አስረዝሞ ወደ እናንተ ይመጣል።

ሁለተኛ፦ ኩይሳው ሲነሳ የሚቀረው ጉድጓድ

ይህ ክፍል አጭር ነው፤ ነገር ግን ብዙ ቤት የሚሰነጠቀው በእርሱ ነው።

የትልቅ ኩይሳ ጎጆ ከመሬት በታች ባዶ ክፍሎች አሉት። ላዩን ብቻ ጠርጋችሁ መሠረት ብትጥሉበት፣ ቤቱ በከፊል በጠንካራ መሬት፣ በከፊል ደግሞ ውስጡ በተቦረቦረ አፈር ላይ ይቆማል። ከባድ ዝናብ ሲጥል የተቦረቦረው ይሰምጥና ግድግዳው በማዕዘኑ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ደግሞ ለሌላ ምስጥ በር ይሆናል።

ስለዚህ ያልተነካው የተፈጥሮ አፈር እስኪገኝ ቆፍሩ። ሥሩንም፣ ጉቶውንም፣ የቀረ እንጨትንም አውጡ። ጉድጓዱን ጥቂት ቀናት ክፍት ተዉት። በእርጥብ አፈር የተደፈነ መሿለኪያ ካያችሁ የቀረ ጎጆ ስላለ እየተከተላችሁ ቆፍሩ። ዝም ካለ በገረጋንቲ ሙሉት፤ አንድ ጊዜ ሁሉንም ደፍታችሁ ሳይሆን በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እያረጠባችሁና እየጠቀጠቃችሁ። የኩይሳውን አፈር ለሙሌት አትመልሱት። ለጭቃ ምርጊት የሚወድዱት አሉ፤ ለእነርሱ ስጡት።

ሦስተኛ፦ የአፈር መከላከያው

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ምስጥ ወደ ቤት የሚገባው ከአፈር ነው። በአፈሩና በቤቱ መካከል ያለውን ሁሉ ሳይቋረጥ በመድኃኒት ካረጠብን መተላለፊያ አያገኝም። ቁልፉ ቃል «ሳይቋረጥ» የሚለው ነው። እጅ የሚያህል ቦታ ብትዘሉ ምስጡ የሚያገኘው ያንን ነው።

ሥራው በሦስት ጊዜ ይከናወናል። የመጀመሪያው የመሠረቱ ቁፋሮ ካለቀ በኋላ፣ ድንጋይ ከመግባቱ በፊት ነው፤ የቦዩ ታችና የሁለቱ ጎኖቹ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይረጥባሉ። ሁለተኛው ሙሌቱ ገብቶና ተጠቅጥቆ ካለቀ በኋላ፣ የወለሉ ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ነው፤ ሙሌቱ በሙሉ ይረጥባል። የውኃና የፍሳሽ ቧንቧ ወለሉን በስቶ በሚወጣበት ቦታ ላይ ተጨማሪ ይደረጋል፤ ምስጥ በጣም የሚወደው መንገድ ነውና። ሦስተኛው ግንባታው አልቆ ግቢው ሲስተካከል ነው፤ በቤቱ ውጫዊ ዙሪያ 30 ሳንቲ ሜትር የምትጠልቅ ጠባብ ቦይ ተቆፍራ ትረጥባለች፣ የሚመለሰው አፈርም አብሮ ይረጥባል።

ምን ያህል? እስቲ አንድ ቤት አብረን እንሥራ። 10 ሜትር በ8 ሜትር የሆነ የምድር ቤት አስቡ። ውጫዊ ዙሪያው 36 ሜትር ነው። ውስጡን የሚከፍሉ ሁለት ግድግዳዎች 18 ሜትር ቢሆኑ፣ የመሠረቱ ጠቅላላ ርዝመት 54 ሜትር ይሆናል። ለተዘጋጀው መድኃኒት በብዙ አገር የሚሠራበት መጠን በካሬ ሜትር 5 ሊትር ገደማ ነው።

የመሠረቱ ቦይ ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ታቹና ሁለቱ ጎኖቹ ተደምረው በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 1.2 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 6 ሊትር ይፈልጋሉ። ለ54 ሜትር 324 ሊትር ነው። የወለሉ ሙሌት 80 ካሬ ሜትር ስለሆነ 400 ሊትር። ለውጫዊው ዙሪያ በሜትር 5 ሊትር ብናደርግ 180 ሊትር። ድምሩ 904 ሊትር ነው፤ አራት በርሜል ተኩል ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ለምን አስላሁላችሁ? ማጭበርበር የሚታወቀው በእርሱ ስለሆነ ነው። በጀርባ የሚታዘለው መርጫ 16 ሊትር ይይዛል። 904 ሊትር ማለት ከ56 ጊዜ በላይ መሙላት ነው። አንድ ሰው በመርጫ መጥቶ አምስት ጊዜ ሞልቶ፣ አፈሩን ላዩን አርሶ «ጨርሻለሁ» ቢላችሁ የሰጣችሁ 80 ሊትር ብቻ ነው። መድኃኒቱ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ሥራው አልተሠራም። ስለዚህ ውሉ ላይ የመድኃኒቱን ስም ብቻ ሳይሆን የሚፈሰውንም ሊትር አስጽፉ። በርሜሎቹ ሲሞሉም ሲፈስሱም ቆማችሁ ቁጠሩ። ማሸጊያው ላይ በ1 ሊትር ውኃ 2 ሚሊ ሊትር ይጨመር የሚል ከሆነ፣ ለ904 ሊትር የሚያስፈልገው 1.8 ሊትር ያህል መድኃኒት ነው። የታሸገው ጠርሙስ ፊታችሁ ይከፈት።

የትኛው መድኃኒት? አልድሪን፣ ዲልድሪን፣ ክሎርዴንና ሄፕታክሎር ታሪክ ሆነዋል። በ2001 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት አግዷቸዋል፤ ኢትዮጵያም ስምምነቱን አጽድቃለች። ለብዙ ዓመት ለመሠረት የተሠራበት ክሎርፓይሪፎስም በ2025 እ.ኤ.አ. ልዩ ፈቃዶች ተትተውለት በዚያው ዝርዝር ገብቷል። ክሎርፓይሪፎስ በኖራማ አፈር ውስጥ ቶሎ ይፈርሳል፤ የእኛ አካባቢ ደግሞ ሲሚንቶ ፋብሪካ ያቆመ የኖራ ድንጋይ አገር ነው። ዛሬ ለዚህ ሥራ የሚውሉት ኢሚዳክሎፕሪድ፣ ፊፕሮኒልና ባይፈንትሪን የሚባሉት ናቸው። የእነዚህም ስም ብቻውን አይበቃም። በአገራችን ፀረ ተባይ በሕግ መመዝገብ አለበት። በማሸጊያው ላይ ለምስጥና ለሕንፃ መሠረት ተብሎ የተጻፈውን እንጂ ለሽንኩርት ወይም ለጫት ትል የተሸጠውን መሠረት ላይ አታፍስሱ። መጠኑም ጥንቃቄውም ለዚያ አልተሠራምና። የተቃጠለ ዘይትም መፍትሔ አይደለም፤ የቀባችሁትን እንጨት ለጊዜው ይጠብቃል፣ አፈሩንና ውኃውን ግን ያበላሻል።

እዚህ ላይ ስለ ከተማችን አንድ ነገር ማስታወስ ግዴታዬ ነው። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከመሬት በታች የሚወጣ ውኃ ነው፤ የሳቢያን የጉድጓድ ውኃ ይህንን ይመሰክራል። የደቻቱና የሌሎቹ ወንዞቻችን ዳርቻ ደግሞ አሸዋ ነው፤ ያፈሰሱበትን ሁሉ በፍጥነት ወደ ታች ያወርዳል። ስለዚህ የውኃ ጉድጓድ በ15 ሜትር ውስጥ ካለ በመድኃኒት አትሥሩ። ጎርፍ በሚያጥበው አሸዋ ላይም እንደዚሁ። ዝናብ ሲያረግዝ ወይም አፈሩ በውኃ ሲጠግብ ሥራውን አስተላልፉ። በቀን ሐሩርም አትርጩ፤ አመሻሽ ላይ ርጩ፣ በላስቲክ ሸፍኑት፣ ኮንክሪቱ በማግስቱ ይፍሰስ። አፈሩ እስኪደርቅ ልጅም ፍየልም ወደ ቦታው አይድረስ።

በመድኃኒት መሥራት በማይቻልበት ቦታስ? የአሠራር መከላከያ አለ፤ መድኃኒት ባለበትም ቢሆን አይቀርም። የመሠረቱ ግንብ ከመሬት ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበልና ዙሪያው ክፍት ሆኖ ይታይ። በግንቡ አናት ላይ፣ ግድግዳው ከመነሳቱ በፊት፣ ጋላቫናይዝድ ቆርቆሮ ይነጠፍ፤ ጠርዙ በሁለቱም ወገን 5 ሳንቲ ሜትር ወጥቶ ወደ ታች ይታጠፍ፣ መገጣጠሚያውም ይበየድ ወይም ይደፈን። ቆርቆሮው ምስጡን አይገድለውም፤ ወደ እንጨታችሁ ለመድረስ ከፈለገ የጭቃ መሿለኪያውን በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ፣ ሰው በሚያይበት ቦታ እንዲሠራ ያስገድደዋል። የወለሉ ኮንክሪት እንዳይሰነጠቅ በሚገባ ውኃ ይጠጣ። የካሳ ፎርማ እንጨትና የምሰሶ ቁራጭ ከወለል ሥር ፈጽሞ አይቀበር፤ ምስጥን ለቤታችሁ የሚያስለምደው እርሱ ነው።

መከላከያው ከተሠራ በኋላ የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ ምስጥ አይደለም፤ እኛው ነን። ቧንቧ የረሳ ባለሙያ የተረጨውን ሙሌት መልሶ ይቆፍራል። አትክልት የሚወድ ሰው በግድግዳው ሥር አዲስ አፈር ይከምራል። ማገዶ ግድግዳ ላይ ይደገፋል። በእነዚህ ሁሉ ምስጡ መድኃኒቱን ሳይነካ የሚያልፍበት ድልድይ ያገኛል። ስለዚህ የቧንቧው ሥራ ሁሉ ከርጭቱ በፊት ይለቅ፤ የተቆፈረ ካለ እንደገና ይረጠብ።

መድኃኒቱም ለዘላለም አይቆይም። እንደ ዓይነቱና እንደ አፈሩ በዓመታት ውስጥ ይደክማል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከበልግ ዝናብና ከክረምቱ በኋላ፣ የግንቡን ዙሪያ በባትሪ ብርሃን ዞራችሁ እዩ። እርሳስ የሚያህል የጭቃ መስመር ካገኛችሁ ወዲያው አትጥረጉት። መሐሉን ጣት በሚያህል ስበሩትና በማግስቱ ተመለሱ። ተጠግኖ ካገኛችሁት ምስጡ እየሠራ ነው፤ የገባበትን ቦታ የሚያሳየውም ያው መስመር ነው። እስከ አፈሩ ተከትላችሁ ባለሙያውን እዚያ ላይ አሠሩት።

ክቡራትና ክቡራን፣ ከዚህ ሁሉ ይዛችሁ እንድትሄዱ የምፈልገው ቅደም ተከተሉን ነው። ኩይሳውን ከጎን ቆፍሩ፤ ጓሉን አውጡ። ጉድጓዱን እስከ ጠንካራው መሬት አጽዱ፤ በየንብርብሩ ጠቅጥቃችሁ ሙሉ። ከዚያ በኋላ አፈሩን ሳታቋርጡ በልኩ አርጥቡ። የወለሉ ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ፎርማናችሁን ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ስንት ሊትር ፈሰሰ? በቧንቧዎቹ ዙሪያ ተደርጓል? ከሙሌቱ ውስጥ የቀረ እንጨት አለ? ለሦስቱም አጥጋቢ መልስ እስክታገኙ ሲሚንቶው ይቆይ። አንድ ቀን መዘግየት ይቻላል፤ ወለል ከፈሰሰ በኋላ ግን ከሥሩ ያለውን ለማረም ኮንክሪቱን መብሳት ግድ ይሆናል።